ማይኩ በአንድ ስንዝር፣ ጀርባው ወደ መስኮቱ

«ማራኪ አካባቢ አስፋልት ዳር ነው የተከራየሁት። በዩኤስቢ ማይክ ለልጆች ተረት እየቀረጽኩ ነው። ባጃጁ፣ ፍሪጁ፣ የጎረቤት ሙዚቃ ሁሉም አብሮ ይገባል። ኦዳሲቲ ላይ ኖይዙን ሳጠፋው ደግሞ ድምፄ ውኃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ግድግዳውን የእንቁላል ካርቶን ልለጥፍበት?»

እህቴ፣ ካርቶኑን ተይው። የውጭ ድምፅን የሚያቆመው ክብደት ነው፤ ብሎኬት፣ ወፍራም በር፣ ክፍተት የሌለው መስኮት። የእንቁላል ካርቶን ቢበዛ የክፍሉን ማስተጋባት ትንሽ ይቀንስልሽ ይሆናል እንጂ ባጃጅ አያቆምም። የለጠፉ ሁለት ጓደኞች አሉኝ፤ ያተረፉት አቧራ ነው።

እኔ እዚሁ ጎንደር አራዳ፣ ከእንጨት ሥራ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ሦስት ዓመት ቀርጫለሁ። የመጀመሪያ ሥራዬ የ40 ደቂቃ ትረካ ነበር። የመጋዙን ጩኸት በሶፍትዌር አጠፋዋለሁ ብዬ `Noise Reduction`ን 24 ላይ ሰቅዬ ላክሁት። ያሠራኝ ሰው ደውሎ «ምነው፣ በርሜል ውስጥ ገብተህ ነው እንዴ ያነበብኸው?» አለኝ። ሙሉውን በነጻ ደገምሁት። ያኔ ነው ነገሩን ከጀርባ ይዤው እንደነበር የገባኝ። ጫጫታው መቀነስ ያለበት ማይኩ ጋ ነው፤ ሶፍትዌሩ የቀረችውን ትንሽ ነገር ብቻ ይጠርጋል።

ማይኩ ካፍሽ ስንት ይርቃል? ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፑ አጠገብ ካቆምሽው ሦስት አራት ስንዝር ይሆናል፤ ግማሹ ችግር እዚያው ነው። ድምፅሽ ከአፍሽ በራቀ ቁጥር ይደክማል። ከመስኮት የገባው ጫጫታ ግን ክፍሉን ስለሚሞላው ማይኩ እዚህ ቢሆን እዚያ ብዙም አይለወጥም። ስለዚህ ርቀቱን በግማሽ በቀነስሽ ቁጥር ድምፅሽ ወደ 6 ዴሲቤል ይጨምራል፣ ጫጫታው ግን ባለበት ይቆያል። ከዚያ የማይኩን ጌይን፣ ማለትም ድምፅ የሚያጎላበትን መጠን፣ በዚያው ልክ ዝቅ ስታደርጊ ድምፅሽ ወደ ነበረበት ይመለሳል፣ ጫጫታው ግን አብሮ ወርዶ ይቀራል። ጥቅሙ ሁሉ እዚህ ላይ ነው። ማይኩን አቅርበሽ ጌይኑን ካልነካሽው ግን ድምፅሽ ከልክ አልፎ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ክፍሌ ውስጥ የሞከርሁትን ልንገርሽ። የኦዳሲቲ መለኪያ በዴሲቤል ከዜሮ ወደታች ነው የሚቆጥረው፤ ከዜሮ በራቀ ቁጥር ጸጥታው ይጨምራል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አነበብሁ፣ በየጊዜው ጌይኑን እያስተካከልሁ ከፍተኛው ድምፄ −9 ላይ እንዲቆም አደረግሁ። ከዚያ ዝም ባልሁበት ቦታ ጫጫታው ስንት እንደሆነ አየሁ። በአራት ስንዝር −36፣ በሁለት ስንዝር −42፣ በአንድ ስንዝር −47 ሆነ። ማይኩ ያው፣ መስኮቱ ያው፣ መጋዙም ያው ነው፤ አንድ ብር አላወጣሁም። አውራ ጣትሽን ከንፈርሽ ላይ፣ ትንሿን ጣትሽን ማይኩ ላይ አድርጊና ለኪ። ከዚያ በጣም አትቅረቢ። አብዛኞቹ የዩኤስቢ ማይኮች ከግማሽ ስንዝር በታች ሲቀርቡ ወፍራሙን ድምፅ ስለሚያጋንኑ ለጅቡ ካልሆነ ለጦጣዋ አይሆንም።

ቀጥሎ አቅጣጫ ነው። እንደዚህ ያሉ ማይኮች ብዙዎቹ ከፊት በደንብ ይሰማሉ፣ ከጀርባ ይደነቁራሉ። ፊቱ የቱ እንደሆነ ግን አረጋግጪ። ወፍራም ቆመው የሚቀመጡት አብዛኛውን ጊዜ የሚሰሙት በጎናቸው ነው፣ የኩባንያው ምልክት ባለበት በኩል፤ ብዙ ሰው ግን እንደ መድረክ ማይክ ጫፉ ላይ ያወራል። ጣትሽን አጠገቡ እያፍተለተልሽ ዙሪያውን ዙሪና በጆሮ ማዳመጫ ስሚው፤ የሚደክምበት በኩል ጀርባው ነው። ያንን ጀርባ ለመስኮቱ ስጪው። እንግዲህ አንቺ ፊትሽን ወደ መስኮቱ አዙረሽ ትቀመጫለሽ ማለት ነው፣ ማይኩ በመካከላችሁ። እኔ ይህን ሳደርግ ጫጫታው ከ−47 ወደ −51 ወረደ። ከዚያ በላይ አልጠበቅሁም፤ የመንገዱ ድምፅ ግድግዳ እየመታ ከየአቅጣጫው ስለሚመለስ ጀርባ መስጠት የሚያግደው በቀጥታ የሚመጣውን ብቻ ነው።

ብርድ ልብስ የሚሰቀለውም ከዚሁ የተነሣ ከአንቺ ጀርባ ነው። ሰው ሁሉ ከማይኩ ጀርባ ይሰቅለዋል፣ ማይኩ ግን የሚያየው አንቺንና ከኋላሽ ያለውን ግድግዳ ነው። ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ሁለት ጋቢ ደርበሽ ከግድግዳው አንድ ስንዝር ያህል አርቀሽ ስቀይ። ልብስ የሞላ ቁም ሳጥን ካለሽ በሩን ከፍተሽ ጀርባሽን ለእሱ ስጪ፤ ከጋቢውም ይሻላል። ይህ ማስተጋባቱን ነው የሚቀንሰው፣ ባጃጁን አይነካውም። አንድ ጋቢ ደግሞ አጥፈሽ ከማይኩ ሥር አድርጊ፣ ጠረጴዛው ሲነካ ያለው ድም ድም እንዳይገባ።

በአንድ ስንዝር ስትቀርቢ አዲስ ችግር ይመጣል፤ ትንፋሽሽ ማይኩን ይመታዋል። መዳፍሽን አፍሽ ፊት አድርጊና «ፓፓያ» በዪ፣ ከዚያ «ጳጳስ» በዪ። ልዩነቱ ይሰማሻል። «ፐ» ነፋስ ትልካለች፣ «ጰ» ታንቃ ስለምትወጣ እምብዛም አትልክም። የኛ ቋንቋ ለማይክ የሚመቸው በዚህ ነው፤ የምታስቸግረን «ፐ» በብዛት ከውጭ በመጡ ቃላት ነው የምትገኘው። «ፈ»ን ግን ተጠንቀቂያት። መፍትሔው ማይኩን ከአፍሽ ትይዩ ሳይሆን ወደ ከንፈርሽ ጥግ ገለል አድርጎ፣ ፊቱን ወደ አፍሽ ማዞር ነው። ነፋሱ ቀጥ ብሎ ያልፋል፣ ድምፁ ግን ማይኩን ያገኘዋል። ይህን ከተለማመድሽ ማጣሪያ መግዛት እንኳ ላያስፈልግሽ ይችላል።

አሁን ወደ ውኃው ጉዳይ። `Noise Reduction` የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ጫጫታ ብቻ ያለበትን ቁራጭ ታሳይዋለሽ፣ እሱም ድምፁን ወደ ብዙ ቀጫጭን ክሮች ከፋፍሎ በእያንዳንዱ ክር ጫጫታው ስንት እንደሆነ ይይዛል፣ ቀጥሎም ከዚያ መጠን ያልበለጠውን ሁሉ ይቀንሳል። ስለዚህ የሚያውቀው ሳይቋረጥ አንድ ዓይነት ሆኖ የሚሰማን ነገር ብቻ ነው፤ የላፕቶፕ ፋን፣ የሩቅ ጄኔሬተር፣ የመንገዱ ጥቅል እምምታ። የባጃጅ ጥሩንባና የጎረቤት ዘፈን በየሰከንዱ ስለሚለዋወጡ አያውቃቸውም። በግድ አጥፋልኝ ስትዪው ከራስሽ ድምፅ እየቦጨቀ ያጠፋል፤ የሰማሽው ውኃ ያ ነው።

ሌላም የተደበቀ ምክንያት አለ፣ እኔን ወራት ያስለፋኝ። ኮምፒውተርሽ በራሱ ድምፅ የሚያስተካክል ከሆነ ዝም ስትዪ ጌይኑን ከፍ፣ ስታወሪ ዝቅ ያደርጋል። ዓረፍተ ነገር ጨርሰሽ ስትተነፍሺ ጫጫታው ቀስ እያለ የሚነሣ ከሆነ ይኸው ነው። ያን ጊዜ ለሶፍትዌሩ ያሳየሽው ጫጫታና ከቃልሽ ሥር ያለው ጫጫታ መጠናቸው የተለያየ ስለሚሆን ማጽዳቱ በጭራሽ አይሠምርም። ዊንዶውስ 11 ላይ `Settings > System > Sound` ገብተሽ ማይክሽን ምረጪና `Audio enhancements`ን `Off` አድርጊው። ከዚያ ጌይኑን በእጅሽ አስተካክዪ፤ ተራ ንባብሽ −12 አካባቢ ይድረስ፣ ጅቡ ሲጮህ ከ−6 አይለፍ።

ፍሪጁን ንቀይው። ቀረጻው መሐል ሲነሣና ሲጠፋ ጫጫታውን ሁለት ዓይነት ያደርግብሻል። መልሶ መሰካት እንዳትረሺ የቤቱን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጪ፤ እኔ ይህን የተማርሁት የበዓል ሥጋ አበላሽቼ ነው። የላፕቶፑንም ቻርጀር ንቀይ፣ አንዳንዱ እዝዝታ ያስገባል።

ከዚያ መቅዳት ስትጀምሪ ትንፋሽሽን ሳታሰሚ 10 ሰከንድ ዝም በዪ። አርትዖቱ ላይ መጀመሪያ ሙሉውን መርጠሽ `High-Pass Filter` ግቢ፣ `Frequency (Hz)` ላይ 80 ጻፊ፤ የሴት ድምፅ ስለሆነ 100ም አይጎዳሽም። የከባድ መኪና ጉርምርምታ እዚህ ላይ ይሄዳል። ቀጥሎ ከዝምታው ንጹሑን 3 ሰከንድ ምረጪና `Noise Reduction` ከፍተሽ `Get Noise Profile` በዪ። ከዚያ ሙሉውን መርጠሽ ተመልሰሽ ግቢ፣ `Noise reduction (dB)` 8፣ `Sensitivity` 6፣ `Frequency smoothing (bands)` 6 አድርጊ። `OK` ከማለትሽ በፊት `Residue`ን መርጠሽ `Preview` ተጫኚ፤ ሊጥለው ያሰበውን ያሰማሻል። እሽሽታ ብቻ ከሆነ ቀጥዪ። የራስሽ ቃላት ከተሰሙበት ድምፅሽን እየበላ ስለሆነ 8ቱን ወደ 6 ዝቅ አድርጊ። በሁለቱም መንገድ ግን `Reduce`ን መልሰሽ ሳትመርጪ `OK` አትበዪ። ድምፅ ከፍ ማድረግ የመጨረሻው ሥራ ይሁን፤ ከፍ ስታደርጊ የቀረው ጫጫታም አብሮ ከፍ ይላልና። የእኔ −51 በዚህ ወደ −59 ወርዷል፣ ለተረት ከበቂ በላይ ነው።

ጥሩንባ ሲነፋ አትከራከሪው። ቆም በዪ፣ እጅሽን አንዴ አጨብጭቢ፣ ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው ድገሚ። ጭብጨባው በሞገዱ ላይ እንደ እሾህ ቆሞ ስለሚታይ ስታርሚ የሚቆረጠውን ፍለጋ አትደክሚም። ጎንደር ላይ ለእኔ የሠራልኝ ሰዓት ከምሽቱ 4 እስከ 6 ነው፤ ባጃጁ ይቀንሳል፣ ውሻው ገና አልተነሣም፣ የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያም ወደ ንጋቱ ነው። በሐምሌ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ከወረደ ግን ማይኩን ዝጊና ቡና አፍዪ፤ ለእሱ መላ አላገኘሁለትም።

ነገ ማታ አንዲት ዓረፍተ ነገር በአራት፣ በሁለትና በአንድ ስንዝር ቅጂና ሳታጸጂው በ`WAV` እዚሁ ላኪልኝ። በድምፅ መልእክት ሳይሆን በፋይል ይሁን፤ የድምፅ መልእክት ስለሚጨምቀው ጫጫታውን በትክክል አላየውም።