የቁጠባ ደብተርና የማህበሩ ሌጀር ሲለያዩ ከየት ይጀመራል?

«የቁጠባ ደብተሬ ላይ ያለው ቀሪ 18,400 ብር ነው። ማህበሩ ቢሮ ሄጄ ስጠይቅ ሌጀሩ ላይ 16,300 ነው ያለሽ አሉኝ። 2,100 ብር የሚል መስመር ብፈልግ ብፈልግ የለም። ከየት ልጀምር?»

እህቴ፣ 2,100 የሚለውን ቁጥር መፈለጉን ተይው። ልዩነቱ የአንድ ስህተት ውጤት ላይሆን ይችላል። በሰፈራችን የቁጠባና ብድር ማህበር የቁጥጥር ኮሚቴ ውስጥ ስሠራ ካየኋቸው ጉዳዮች ብዙዎቹ ሁለት ሦስት ነገር ተደራርቦባቸው ነበር።

መጀመሪያ የደብተርሽን ገጽ ሁሉ ፎቶ አንሺ። ደብተሩን «እናስተካክልልሽ» ብለው ሲቀበሉሽ ቢሮ ጥለሽው እንዳትሄጂ። ከዚያ የራስሽን ሌጀር ገጽ ለማየት በጽሑፍ ጠይቂ፤ ማመልከቻውን ለቁጥጥር ኮሚቴውም በግልባጭ ስጪ። ያንቺ ሂሳብ ስለሆነ «ሚስጥር ነው» ሊሉሽ አይገባም። ሚስጥር የሚሆነው የሌላ አባል ገጽ ነው።

ገጹ ፊትሽ ሲቀርብ ከመጀመሪያው መስመር አትነሺ፤ ዓይንሽ ይደክማል። የየዓመቱን የሰኔ 30 ቀሪ ብቻ ከሁለቱም ወገን ጻፊ። አንዱ ዓመት እኩል ሆኖ ቀጣዩ ከተለያየ፣ ሥራሽ በእነዚያ 12 ወራት ውስጥ ነው። እዚያ ስትደርሺ ነጭ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ አስምሪ። ቀን፣ የደብተር ቀሪ፣ የሌጀር ቀሪ፣ ልዩነት። ቁልፉ አራተኛው ዓምድ ነው። ልዩነቱ ዜሮ፣ ዜሮ እያለ ይመጣና የሆነ ቦታ ይቀየራል። ከዚያ በኋላ ያው ቁጥር እየተደገመ ይወርዳል። የምትፈልጊው የሚቀየርበትን መስመር ብቻ ነው።

አንድ ጉዳይ በዝርዝር ላሳይሽ። በርበሬና ሽሮ የምትቸረችር አባል ነበረችን። ደብተሯ 23,850 ይላል፣ ሌጀሩ 22,050። ልዩነቱ 1,800 ነው። ሂሳብ ያዡ ወዲያው «ለ9 ይካፈላል፣ ስለዚህ አሃዝ ተገላብጦ ነው» አለ። ብልሃቱ እውነት ነው። 540ን 450 ብለሽ ብትጽፊ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። ግን ለ9 የተካፈለ ሁሉ የተገላበጠ አይደለም፤ የእሷም አልነበረም።

አራተኛውን ዓምድ ስንሠራ መስከረም ላይ ልዩነቱ ከዜሮ ወደ 800 ዘለለ። ደብተሯ ላይ የ800 ብር ገቢ ከነደረሰኝ ቁጥሩ አለ። ሌጀሩ ላይ መስመሩ የለም። የደረሰኙን ጥራዝ አስወጣን። በካርቦን የተጻፈው ቀሪ ኮፒ አለ፣ ግን በላዩ ላይ «ተሰርዟል» ተብሎ በሰያፍ ተሰምሮበታል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዢ። ደረሰኝ በትክክል ሲሰረዝ ዋናው ከጥራዙ ጋር ተያይዞ ይቀመጣል። የእሷ ዋና ደረሰኝ ግን ደብተሯ ውስጥ ታጥፎ ነበር። ዋናው አባሉ እጅ እያለ ኮፒው የተሰረዘ ደረሰኝ ካየሽ ሌላ ማስረጃ ብዙም አያስፈልግሽም። ደረሰኝ የምትጥሉ ሰዎች፣ እባካችሁ!

ሁለተኛው የበለጠ ተንኮል ነበረው። ልዩነቱ ለረጅም ጊዜ 800 ላይ ቆየና በድንገት 1,800 ሆነ። የተቀየረው ግን በመስመር ላይ አይደለም፤ ገጽ ሲዞር ነው። የአሮጌው ገጽ መጨረሻ ቀሪ 15,300 ይላል። የአዲሱ ገጽ የመጀመሪያ መስመር «ከባለፈው ገጽ የዞረ» ብሎ 14,300 ይላል። 1,000 ብር ገጹ ሲገለበጥ ወደቀ።

ገጽ ሲዞር ቁጥር ከወደቀ ወደ አሮጌው ገጽ ተመልሰሽ እያንዳንዱን መስመር ራስሽ አስሊ። ያለፈው ቀሪ፣ ሲደመር ገቢ፣ ሲቀነስ ወጪ። ኅዳር ላይ አገኘነው። ከመስመሩ በፊት ያለው ቀሪ 12,700 ነው። ወጪው 1,200 ይላል። ከጎኑ ያለው ቀሪ ግን 12,500። ከ12,700 ላይ 12,500 የሚቀረው 200 ብር ሲወጣ ነው። የሴትዮዋ ደብተርም 200 ነው የሚለው። በመጀመሪያ በትክክል የተጻፈው 200 ላይ ቆይቶ ከፊቱ «1» ተጨምሮበታል። ጠጋ ብለሽ ስታዪው «1»ዋ የዓምዱን መስመር ነክታለች፣ ሰማያዊዋም ደመቅ ይላል። የወጪ ማዘዣው ላይም በፊደል «ሁለት መቶ ብር» ከሚለው በፊት «አንድ ሺህ» በደቃቁ ተጨናንቃ ገብታለች።

«1»ን የጨመረው ሰው ለምን ቀሪዎቹን አላስተካከለም ትዪ ይሆናል። ከሥር ያሉትን መስመሮች ሁሉ መፋቅ ሊኖርበት ነው፤ ያ ደግሞ ያሳብቃል። ስለዚህ ገጹ እስኪያልቅ ጠብቆ በዞረው ላይ አስተካከለው። የገጹን ገቢ በሙሉ ደምሮ ወጪውን በሙሉ የሚቀንስ ኦዲተር 14,300 ስለሚመጣለት ምንም አይታየውም። የሚታየው መስመር በመስመር ለሚሄድ ነው።

ሌጀሩ በጥራዝ ሳይሆን በነጠላ ካርድ የሚያዝ ከሆነ ደግሞ የገጽ ቁጥሩን ተመልከቺ። የተለያየ ጊዜ፣ የተለያየ ሰው የጻፈው መሆን ያለበት የሁለት ዓመት ሂሳብ ሁሉም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ የእጅ ጽሑፍ ከተሞላ እንደገና የተገለበጠ ካርድ ነው። አሮጌውን ጠይቂ።

ከመጮህሽ በፊት ግን ሌብነት ያልሆኑ ልዩነቶችን አውጪ። ወለድ ብዙ ጊዜ ከዓመቱ መዝጊያ በኋላ ሌጀር ላይ ይገባና ደብተር ላይ ሳይጻፍ ይቆያል። ያ ግን ሌጀሩን ያበዛዋል እንጂ አያሳንሰውም፤ ያንቺ በተቃራኒው ነው። ቁጠባሽ ከደሞዝ የሚቆረጥ ከሆነ የገባበት ቀን በሳምንታት ሊለያይ ይችላል። ለዚህ ነው በቀን ሳይሆን በደረሰኝ ቁጥር ማመሳከር የሚሻለው። ብድር ካለሽ ደግሞ ቁጠባ ብለሽ የከፈልሽው ወደ ብድር ሌጀርሽ ወይም ወደ ዕጣ ሂሳብሽ ገብቶ እንደሆነ እይ። በሐቀኛ ሰው እጅ በብዛት የሚፈጠረው ስህተት ይሄ ነው። ተመሳሳይ ስም ያለው አባል ካለ ወደ እሱ ገጽ ሊሄድም ይችላል። ያንን አንቺ ሳትሆኚ ቁጥጥር ኮሚቴው ነው የሚያየው።

ማመሳከሩ የማያሳይሽ ነገርም አለ። ደብተርሽና ሌጀሩ አንድ ዓይነት ሆነው ብሩ ባንክ ሳይገባ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ያ የሚታወቀው የቀኑ የደረሰኝ ድምር ከባንክ ማስገቢያ ስሊፕ ጋር ሲነጻጸር ነው። የአባል ሳይሆን የኦዲት ሥራ ነው። ማህበሩ እምቢ ካለሽ ወይም ካድበሰበሰ ወረቀትሽን ይዘሽ ወደ ወረዳው የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት ሂጂ።

ስህተቱ ሲገኝ እንዴት እንደሚታረምም ልብ በይ። ሌጀር ላይ ፍቆ ወይም በነጭ ቀለም ሸፍኖ ማስተካከል የለም። አሮጌው መስመር እንዳለ ይቆያል። ከሥር በዛሬ ቀን አዲስ መስመር ይጻፋል፣ የማስተካከያ ሰነድ ቁጥር ይያዝለታል። የበርበሬ ነጋዴዋ ገጽ ላይ 800 እና 1,000 ለየብቻቸው፣ በሁለት መስመር ገቡ። «1,800 በአንድ ላይ እናስገባልሽ» ብለዋት ነበር፤ እኛ እምቢ አልን። ሁለት የተለያየ ቀን፣ ሁለት የተለያየ ሰነድ ነው። አንቺም ያስተካከሉልሽ ቀን በደብተርሽ ላይ አስፈርሚና ማኅተም አስመቺ። ቀሪ ሂሳብ ማረጋገጫ ወረቀት ላይ ከዚያ በፊት እንዳትፈርሚ።