አንደበታቸው የሰላ ነው፤ ግን አንዱን ጥያቄ ደጋግመው ይጠይቃሉ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፤ ድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ቴሌብር ደጋግሜ ባሳያቸውም አልያዘላቸውም፤ የሰው ስምም ይጠፋባቸዋል። ከሁለት ወር ወዲህ ደግሞ በአንድ ጠዋት «ለጅምላ ሻጩ ከፈልን ወይ?» ብለው ሦስቴ ይጠይቁኛል። ወንድሜ «የ1969ኙን ጦርነት እንደ ትናንት የሚያወሩ ሰው ምን ይሆናሉ?» ይላል። እርጅና ነው ወይስ የመርሳት በሽታ?

መልስ፦ የቴሌብሩና የስሙ ነገር ብቻ ቢሆን ብዙም ባላሳሰበኝ። ሦስቴ የተጠየቀው ጥያቄ ግን ምርመራ ይፈልጋል። ወንድምዎ የሚያቀርቡት ማስረጃ ደግሞ አያጽናናኝም።

የአእምሮ ችሎታ ሁሉ እኩል አያረጅም። ሬይመንድ ካተል የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ለሁለት ከፍሎታል። አንደኛው «ፍሉይድ» የሚባለው ሲሆን፣ ያልለመዱትን ነገር ፈጥኖ የማገናዘብና ሁለት ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ በሐሳብ ይዞ የማስላት ችሎታ ነው። ይህ በወጣትነት ጫፍ ላይ ይደርስና ከዚያ በኋላ በጤነኛ ሰውም ላይ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ሁለተኛው «ክሪስታላይዝድ»፣ ማለትም በዕድሜ የተጠራቀመው ዕውቀት ነው፦ ቋንቋ፣ ተረትና ምሳሌ፣ የጨርቅን ጥራት በጣት ዳስሶ ማወቅ። ይህኛው 60ን ካለፉ በኋላም ለብዙ ዓመታት ይጸናል።

ቴሌብር የሚፈትነው የመጀመሪያውን ነው። የምስጢር ቁጥሩን እያስታወሱ፣ የብሩን መጠን በሐሳብ ይዘው፣ የሚለዋወጠውን ገጽ መከተል አለባቸው። ስለዚህ አንድ ዓይነት ክፍያ ብቻ መርጠው፣ ቅደም ተከተሉን በወረቀት ጽፈው፣ ስልኩን እሳቸው ራሳቸው እንዲነኩ ያድርጉ። ጤነኛ አረጋዊ ይዘገያል እንጂ በሳምንታት ውስጥ ይሻሻላል። በየቀኑ እንደ አዲስ የሚጀምሩ ከሆነ ግን እንደ ምልክት ይያዙት።

የወንድምዎ ስህተት እዚህ ላይ ነው፦ አልዛይመር የተባለው የመርሳት በሽታ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚነካው አዲስ ነገር መዝግቦ የማስቀረትን ችሎታ ነው። የቆየው ትዝታና የሰላው አንደበት ለረጅም ጊዜ ሊቆዩ ይችላሉ። ሰውየው በሽምግልና ላይ አንጀት የሚያርስ ንግግር አድርገው፣ ከሰዓት በኋላ ሽምግልናው ራሱ መካሄዱን ሊረሱ ይችላሉ። በተለይ አንደበተ ርቱዕ የሆኑ ሰዎች ቤተሰብ ዘግይቶ የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ልዩነቱን በቤት ውስጥ በመጠኑ ማየት ይቻላል። አፍ በፈቱበት ቋንቋ ሦስት ቃል ይንገሯቸው፣ ለምሳሌ ማንጎ፣ ባቡር፣ ጃንጥላ፤ ደግመው እንዲሉልዎ ያድርጉ። አምስት ደቂቃ ሌላ ወሬ አውርተው መልሰው ይጠይቋቸው። አንዱ ከጠፋባቸው «ከፍራፍሬ ነው» ብለው ፍንጭ ይስጡ። «አዎ፣ ማንጎ!» ካሉ ቃሉ ተመዝግቧል፤ ያስቸገረው ፈልጎ ማውጣቱ ነው። የሰው ስም ጠፍቶ ማታ ትዝ የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ ይህ በእርጅና የተለመደ ነው። ፍንጩ ካልረዳቸው፣ ወይም ቃል መነገሩን ራሱ ከረሱ፣ ነገሩ መጀመሪያውኑ አልተመዘገበም ማለት ሊሆን ይችላል። መስማት የሚያዳግታቸው ከሆነ ፈተናው ያሳስታል። በደህና ቢያልፉትም ከበሽታ ነጻ ናቸው ማለት አይደለም።

ከዚህ የበለጠ የሚናገረው የዱቤ ደብተራቸው ነው። የዘንድሮውን ገጽ ከሦስት ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ያስተያዩ። መደመር ቢዘገይም ሒሳቡ ልክ ከሆነ ጥሩ ነው። ያው ዱቤ ሁለቴ ተጽፎ፣ የተከፈለው ሳይሰረዝ፣ ለጅምላ ሻጩ ሁለቴ ተከፍሎ ካገኙ፣ ዕለታዊ ሥራቸው ተነክቷል። ሐኪም ዲሜንሺያ የሚለው የችሎታው ማሽቆልቆል ኑሮን ሲያደናቅፍ ነው። መመዘኛውም የእሳቸው የቀድሞ ማንነት እንጂ ጎረቤት አይደለም።

ምርመራው የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሊጀመር ይችላል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ፣ ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የተገዛውንም ጭምር፣ በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚታዘዘው አሚትሪፕቲሊንና እንቅልፍ የሚያመጡ የአለርጂ ክኒኖች መርሳት ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ የስኳር በሽታ መድኃኒቱ ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12ን ሊያሳንስ ይችላል። ደም ሲሰጡ ቢ12፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ ስኳርና የደም ማነስ እንዲታዩ ይጠይቁ። ድብርትና፣ ጫት ቅመው የሚያድሩ ከሆነ፣ የእንቅልፍ እጦትም መርሳት ስለሚመስሉ ሳይደብቁ ይናገሩ። ባለፉት ወራት ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመትተው ከሆነም አይተዉት፤ ቀስ ብሎ የሚጠራቀም ደም በሲቲ ስካን ይታያል፣ ይታከማልም። እርስዎም አብረው ገብተው ያዩትን ከነቀኑ ይንገሩ፤ እሳቸው «ምንም የለኝም» ሊሉ ይችላሉና።

ለዚህ ሁሉ በቀጠሮ መሄድ ይበቃል። ግራ መጋባቱ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ድንገት ከመጣ፣ በተለይ ከትኩሳት ጋር ወይም በድሬ ሙቀት ውሃ ሳይጠጡ ከዋሉ፣ ያ የእርጅናም የዲሜንሺያም አመጣጥ አይደለም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ይውሰዷቸው።