አስም ወይስ ሲኦፒዲ? ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ጎንደር ውስጥ ስፓይሮሜትሪ የሚባለውን የትንፋሽ መለኪያ የማስነፋ ነርስ ነኝ። ሲኦፒዲ የሳንባ የአየር ቧንቧ ጠቦ የሚቀርበት ሥር የሰደደ በሽታ ነው። የጠየቃችሁኝን እንደመጣልኝ እመልሳለሁ።

ከማራኪ፦ «እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ሲጋራ አፏ ገብቶ አያውቅም። አስም ነው ተብላ ለአሥር ዓመት ቬንቶሊን ስትወስድ ኖራ አሁን ሲኦፒዲ ነው አሏት። ሳያጨሱ ይያዛል እንዴ?»

አዎ፣ ይያዛል። እናትሽ እንጀራ የሚጋግሩት በምን ነበር? ስንት ዓመትስ ጋገሩ? የውጤቱ ወረቀት ካለሽ ቁጥሮቹን ላኪልኝ።

«35 ዓመት፣ በእንጨትና በኩበት። ጭስ ቤቱ መስኮት የለውም። ወረቀቱ ላይ መጀመሪያ FEV1 1.10፣ FVC 2.00 ይላል። መድኃኒት ስባ ስትደግም 1.18 እና 2.10።»

በይ አብረን እናስላው። FEV1 በመጀመሪያዋ ሰከንድ የወጣው አየር ነው፣ በሊትር። FVC ደግሞ እስኪያልቅ የተነፋው በሙሉ። 1.10ን ለ2.00 ስናካፍል 0.55 ይመጣል፤ ድርሻው የምለው ይህን ነው። ይህ ማለት በአንድ ሰከንድ መውጣት የቻለው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ከዚያ አራት ፓፍ ሳልቡታሞል፣ ያው ቬንቶሊን፣ ስፔሰር በሚባለው መሳቢያ ዕቃ ይሰጣል፤ 15 ደቂቃ ተጠብቆ እንደገና ይነፋል። የእናትሽ FEV1 የጨመረው 80 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም 7 በመቶ ገደማ ነው። ድርሻውም 0.56 ላይ ቀረ። ከመድኃኒት በኋላም ከ0.70 በታች ከሆነ ጥበቱ ሙሉ በሙሉ አልተከፈተም ማለት ነው። ከ35 ዓመት ጭስ ጋር ስናየው ሲኦፒዲ ማለታቸው ያስኬዳል።

አንድ ነገር ግን ጠይቂልኝ፦ ስንት ሰከንድ ነፉ? ብዙ እናቶች ደክሟቸው በሁለት ሰከንድ ያቆማሉ። ያኔ FVC ከልኩ ያነሰ ይመስላል፤ ድርሻው ደግሞ ያለ አግባብ ከፍ ይላልና በሽታው ይደበቃል። እኔ ስድስት ሰከንድ እስኪሞላ «ይግፉ፣ ይግፉ፣ ትንሽ ቀረ!» እያልኩ እጮኻለሁ። ቢያንስ ሦስት ጥሩ ንፊያ እፈልጋለሁ፤ ሁለቱ ምርጦች ደግሞ መቀራረብ አለባቸው።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያ፦ «ነገሩ ቀላል ነው። ከሳልቡታሞል በኋላ 12 በመቶ ከጨመረ አስም፣ ካልጨመረ ሲኦፒዲ።»

ግማሹ ልክ ነው። ብዙ ቦታ የምንሠራበት መለኪያ 12 በመቶ ብቻ ሳይሆን 200 ሚሊ ሊትርም ይጠይቃል፤ ሁለቱም አብረው መሟላት አለባቸው። FEV1 0.70 የሆነ ሰው 84 ሚሊ ሊትር ቢጨምር 12 በመቶ ይሞላል፤ ያን ያህል ግን ያለ መድኃኒትም በንፊያና በንፊያ መካከል ይለያያል። ደግሞም መለኪያውን የሚያሟሉ የሲኦፒዲ ሕመምተኞች አሉ። ለዓመታት በደንብ ያልታከመ አስም ያለበት ሰው ደግሞ ቧንቧው ጠባሳ ይዞ ላይከፈትለት ይችላል። ስለዚህ እባክዎ በዚህች ቁጥር ብቻ አይፍረዱ።

ወጣት፣ ከአዘዞ፦ «እኔም 24 ዓመቴ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ያፍነኛል። ስነፋ ግን ኖርማል አሉኝ። አስም የለብኝም ማለት ነው?»

አይደለም። አስም ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሳያፍን የተነፋ ወረቀት ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ፓፍ አድርገህ ነበር የሄድከው?

«አዎ፣ ሁለት ጊዜ።»

እንግዲያው የተለካው መድኃኒት የከፈተው ቧንቧ ነው። ከምርመራው በፊት ላለው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያህል ጊዜ ሳልቡታሞል ባይወሰድ ይመረጣል። ካፈነህ ግን ውሰድ፤ ለምርመራ ብለህ አትታፈን። በቀጠሮህ ቀን የሚደረገው ምርመራ ካላሳየልህ ፒክ ፍሎው የሚባለውን የትንፋሽ ፍጥነት መለኪያ ፈልግና ለሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ነፍተህ ጻፍ። ቁጥሩ በጣም ከወጣና ከወረደ ለሐኪምህ ትልቅ ፍንጭ ነው።

«አስምና ሲኦፒዲ ሁለቱም የቧንቧ መቆጣት ከሆኑ ሕክምናቸው ለምን ይለያያል?»

የሚያስቆጡት ሴሎች ይለያያሉ። በአስም ብዙ ጊዜ ኢዮሲኖፊል የሚባለው ነጭ የደም ሴል ይበዛል፤ ቧንቧው ያብጣል፣ ጡንቻው ይኮማተራል። ይህ በሚሳብ ስቴሮይድ ይበርዳል፤ ስለዚህ ነው አስም ያለበት ሰው በቬንቶሊን ብቻ መኖር የሌለበት። በሲኦፒዲ ኒውትሮፊልና ማክሮፌጅ የሚባሉ ሌሎች ሴሎች ያይላሉ። ትንንሾቹ ቧንቧዎች ጠባሳ ይይዛሉ፣ የአየር ከረጢቶቹም ግድግዳ ይፈርሳል። የማገዶ ጭስ ላይ ጎልቶ የሚታየው የትንንሾቹ ቧንቧዎች ጠባሳ ነው። ጠባሳን ስቴሮይድ አይመልሰውም፤ እንዲያውም ሲኦፒዲ ላይ የሳንባ ምች ሊያበዛ ይችላል። መሠረቱ ቧንቧውን ለረጅም ሰዓት የሚከፍት መድኃኒት ነው፤ ጭሱም መቆም አለበት።

ከማራኪ፦ «ታዲያ እናቴ አሥር ዓመት ሙሉ ያለ በሽታዋ ነው የታከመችው?»

እህቴ፣ ወረቀቱ ይህን አይነግረንም። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ሰው ላይ አብረው ሊኖሩ ይችላሉ። በልጅነታቸው ያፍናቸው ነበር? በአበባ ወቅት ያስነጥሳቸዋል? ቲቢስ ታመው ያውቃሉ? የቲቢ ጠባሳም ተመሳሳይ ቁጥር ያሳያልና ራጅ ያስፈልጋል። ሐኪሙ የደም ኢዮሲኖፊል እንዲያይላቸው ጠይቂ። ከፍ ካለ የሚሳብ ስቴሮይድ ሊጠቅማቸው ስለሚችል፣ የሚወስዱት ካለ እሱ ሳያይ እንዳያቆሙ።