ጭማሪ ብጠይቅ ሥራው ያመልጠኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ «የምፈልገው ድርጅት የቅጥር ደብዳቤ ልኮልኛል። እስከ ዓርብ ፈርሜ እንድመልስ ነው የተጠየቅኩት። ደመወዙ ግን ለሙያው ከሚከፈለው ያንሳል። 15 በመቶ ቢጨምሩልኝ ደስ ይለኛል። ሥራውን በሁለት ሳምንት ውስጥ እንድጀምርም ይፈልጋሉ፤ አሁን ያለሁበት መሥሪያ ቤት ደግሞ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አለብኝ። ጭማሪ ብጠይቅ የሰጡኝን ይነጥቁኛል?»

መልስ፦ እንደ አጠያየቅዎ ነው።

በብዙ አገሮች የውል ሕግ፣ የቀረበልዎትን ሐሳብ ቀይረው «በዚህ ከሆነ እቀበላለሁ» ካሉ የመጀመሪያውን እንደተዉት ይቆጠራል። በ1840 የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ያየው የሃይድና የሬንች ክርክር ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ሬንች እርሻውን በ1,000 ፓውንድ ልሽጥልህ አለ። ሃይድ 950 ልስጥህ አለው። ሬንች እምቢ ሲል ሃይድ ተመልሶ «እሺ፣ በ1,000 ይሁን» አለ። ፍርድ ቤቱ ግን ውል የለም አለ። 950 ባለበት ቅጽበት የመጀመሪያው ሐሳብ ቀርቷል።

በ1880 ደግሞ ስቲቨንሰን ከማክሊን ጋር ተካሰሰ። ብረት በቶን 40 ሺሊንግ ቀርቦለት ነበር። ገዢው «ርክክቡ በሁለት ወር ውስጥ ቢሆን ይስማማሉ?» ብሎ በቴሌግራም ጠየቀ። ሻጩ ዝም አለና ብረቱን ለሌላ ሸጠው። ፍርድ ቤቱ የገዢው ቴሌግራም ጥያቄ እንጂ እምቢታ አይደለም አለ። ሐሳቡ ስላልሞተ ገዢው በኋላ የላከው የእሺታ ቃል ጸና።

ስለዚህ ደብዳቤዎ የሁለተኛው ዓይነት ይሁን። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«ስለ ቅጥር ደብዳቤው አመሰግናለሁ፤ ሥራውን እፈልገዋለሁ። ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ። በዚሁ የኃላፊነት ደረጃ በቅርቡ የወጡ ማስታወቂያዎች ላይ ያየሁት ደመወዝ ከቀረበልኝ ከ10 እስከ 20 በመቶ ከፍ ይላል። 15 በመቶ መጨመር ይቻል ይሆን? ይህ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ያቀረባችሁልኝን አልተውኩም። የምጀምርበትን ቀን በተመለከተ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አለብኝ። አሠሪዬ ቀደም ብሎ ከለቀቀኝ ግን ቀድሜ ልጀምር እችላለሁ።»

«ያቀረባችሁልኝን አልተውኩም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንዳይሰርዙት። ትንሽ ደረቅ ይመስላል፤ ጠበቃዎን ግን የሚያስደስት እሱ ነው።

የገበያውን ነገር ሲያነሱ አንድ ዓይነት ነገር ከአንድ ዓይነት ጋር ያወዳድሩ። ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት ግብር ሳይነሳለት የተጻፈን ደመወዝ እጃቸው ላይ ከሚደርሰው ጋር ሲያስተያዩ ነው። ቁጥሩን ያገኙበትን ማስታወቂያ ያስቀምጡት፤ «ከየት አመጣሽው?» መባል አይቀርም። «ሌላ ድርጅት ይህን ያህል ሰጥቶኛል» የሚል የፈጠራ ወሬ ግን ፈጽሞ አይጻፉ። ውሸቱ በኋላ ከታወቀ፣ በማታለል የተገኘ ውል ነው ተብሎ ሊያስከስስ ወይም ከሥራ ሊያስባርር ይችላል።

ቀኑ ላይ ለጋስ መሆን ጥሩ መደራደሪያ ነው። አሠሪ ቶሎ ሰው ሲፈልግ ሁለት ሳምንት ለእሱ ዋጋ አለው። ነገር ግን የእርስዎ ያልሆነውን ቀን አይስጡ። እነሱ 14 ቀን ይላሉ፣ እርስዎ 30 ቀን አለብዎት፤ የ16 ቀን ልዩነት አለ። ይህን ሊያሳጥር የሚችለው የአሁኑ አሠሪዎ ነው፣ ያውም በጽሑፍ። «የዓመት ፈቃድ አለኝ፣ በእሱ እሸፍነዋለሁ» እንዳይሉ። ፈቃድ ላይ ሳሉ የድሮው ውል ገና አላለቀም፤ በዚያው ጊዜ ሌላ ቦታ መግባት ውል ማፍረስ ሊሆን ይችላል። ለዚህ ነው ደብዳቤው ላይ «ከለቀቀኝ» ያልኩት።

ደብዳቤውን ዛሬ ወይም ነገ ይላኩት፤ ዓርብን አይጠብቁ። በአንዳንድ አገሮች ቀን የቆረጠ አሠሪ እስከዚያ ቀን በቃሉ ይታሰራል። በሌሎች አገሮች ግን «ተቀብያለሁ» እስካላሉ ድረስ ሐሳቡን ማንሳት ይችላል፤ ያኔ የደብዳቤዎ ጨዋነት አያድንዎትም። ሐሙስ ድረስ መልስ ካልመጣ ደውለው ይጠይቁ። 15 በመቶው አይሆንም ካሉና ባለው ደመወዝም ሥራውን ከፈለጉት፣ ዓርብ ከማለቁ በፊት የመጀመሪያውን ደብዳቤ እንዳለ ፈርመው ይላኩ።

«ከሙከራ ጊዜ በኋላ እናስተካክልልሻለን» የሚል መልስም ሊመጣ ይችላል። መጠኑና ቀኑ ካልተጻፈ ባዶ ተስፋ ነው። እሺ ካሏቸው በውሉ ላይ «ከዚህ ቀን ጀምሮ ደመወዙ ይህን ያህል ይሆናል» ተብሎ እንዲገባ ያድርጉ። ጭማሪውን በስልክ ከፈቀዱም ተስተካክሎ የተጻፈውን ደብዳቤ ይጠብቁ። መልቀቂያዎን የሚያስገቡት ይህ በሁለታችሁም ከተፈረመ በኋላ ነው። መልቀቂያውን የተረከበው ሰው ኮፒው ላይ ቀን ጽፎ ይፈርምልዎት፤ 30 ቀኑ የተቆጠረው ከመቼ ጀምሮ ነው የሚል ክርክር ቢነሳ ማስረጃዎ እሱ ነው።