እሷ ስትቀልድ ትስቃለች፣ ወንድሜ ሲቀልድ ለምን ከፋት?

«ባለቤቴ ዓይነ ስውር ናት። እንደ እሷ ማየት ከተሳናቸው ጓደኞቿ ጋር ስትገናኝ ስለ ራሳቸው እየቀለዱ እንባቸው እስኪፈስ ይስቃሉ። ባለፈው ቤተሰብ በተሰበሰበበት ታናሽ ወንድሜ አንድ ቀልድ ተናገረ። ሚስቱን የሚያዋራ መስሎት ከወንበር ጋር ሲጨቃጨቅ ስላመሸ ዓይነ ስውር ባል ነው። ሁሉም ሳቀ፣ እሷ ዝም አለች። ነገሩን ላብርድ ብዬ ‹እሷም እኮ ትቀልዳለች› አልኩና የራሷን ቀልድ ነገርኳቸው፦ ‹መንገድ ዳር ቆሜ ጓደኛዬን ስጠብቅ አንድ ደግ ሰው ክንዴን ይዞ አሻገረኝ። የሚመልሰኝ ሌላ ደግ ሰው እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ቆምኩ።› ከዚያ ቀን ጀምሮ አኩርፋኛለች። ምን አጠፋሁ?»

ወንድሜ፣ እስቲ ከወንድምህ ቀልድ ውስጥ ዓይነ ስውሩን አውጣና በቦታው ሰካራም አስገባ። ቀልዱ ምንም ሳይጎድልበት ይሄዳል። ጅል አስገባ፣ የጃጀ ሽማግሌ አስገባ፣ አሁንም ይሄዳል። ምክንያቱም ቀልዱ ስለ ዓይነ ስውር ሰው ኑሮ አንዳች የሚያውቀው ነገር የለም። የያዘው «እነዚህ ሰዎች ምንም አይለዩም» የሚል ግምት ብቻ ነው። ማየት የተሳነው ባል ሚስቱን በድምጿ ይለያል፣ በእርምጃዋ ይለያል፣ በር በምትዘጋበት አኳኋን እንኳ ይለያል። ባለቤትህ አንተን እንዴት እንደምትለይህ ታውቃለህ አይደል?

የእሷን ቀልድ ደግሞ እንደዚያው ሞክረው። ሰካራም ብታስገባበት ይሞታል። አንድ ሰው ሳይጠይቅ ክንድህን አፈፍ አድርጎ ወደማትሄድበት ሲያሻግርህ፣ ይህ በዓይነ ስውራን ላይ የምር የሚደርስ ነገር ነው። ከዚያ ኑሮ የወጣ ቀልድ ነው። ሳቁ የሚያርፈውም እሷ ላይ ሳይሆን «ልርዳሽ ወይ?» ብሎ መጠየቅ በረሳው ደግ ሰው ላይ ነው። እሷ በቀልዱ ውስጥ ያለችው የሆነው ሁሉ የገባት ብቸኛ ሰው ሆና ነው።

የሥነ ልቦና ሊቁ ሲግመንድ ፍሮይድ በ1905 ስለ ቀልድ ሲጽፍ ይህንኑ ልዩነት አስተውሎ ነበር። ሌሎች ስለ አይሁዶች በሚቀልዱት ቀልድ አይሁዱ መሳቂያ ብቻ ነው። አይሁዶች ስለ ራሳቸው ሲቀልዱ ግን እውነተኛ ጉድለታቸውን ያውቁታል፣ ከመልካም ጎናቸው ጋር እንዴት እንደሚያያዝም ያውቃሉ። የሚቀልደው ሰው ራሱ ከሚቀለድባቸው አንዱ ነው።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። የነገርካቸው ቀልድ የእሷ ነው፣ ቃሉንም አልቀየርክም። የተቀየረው ሥራው ነው። በጓደኞቿ መካከል ያ ቀልድ «አንቺም ደርሶብሻል?» ማለት ነው። አንተ ያወጣኸው ግን ወንድምህ ከቀለደ በኋላ፣ ማስረጃ አድርገህ ነው። «ቅር ልትሰኝ አይገባትም» የሚል ማስረጃ። እዚያ የተቀመጡት ሰዎች የሳቁት በደጉ ሰው አይመስለኝም። መንገድ ዳር ተገትራ በቀረችው ሴት ነው የሳቁት። ከወንድምህ ቀልድ ይልቅ ይህ ሳይጎዳት አልቀረም፣ ምክንያቱም ቀልዱን የሰጠችህ አምናህ ነው።

«ቀልድ እኮ ነው» የሚለውን ቃል ስለምሰማው አንድ ነገር ልጨምር። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ተመራማሪው ቶማስ ፎርድ እንዲህ ዓይነት ቀልዶችን ለዓመታት አጥንቷል። ቀልዱ ንቀት በሌለበት ሰው ላይ ንቀት ይተክላል አላለም። ንቀቱ ቀድሞም ያለበትን ሰው ግን «እዚህ ቤት ይህ ይፈቀዳል» ብሎ ልጓሙን ያላላለታል። ማዕዱ ዙሪያ ከነበሩት ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሰው ይኑር አይኑር ባለቤትህ በሳቁ ድምፅ ብቻ መለየት አትችልም። ብትቆጣ ደግሞ «ቀልድ አይገባትም» ትባላለች። ዝም ያለችው ለዚህ ይመስለኛል።

ግን ራሷ የምትቀልደው ሁሉ ከደስታ የመጣ ነው ብለህ አትደምድም። ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር ስትሆን፣ ገና ማንም ምንም ሳይል፣ በራሷ ላይ ለመቀለድ የምትጣደፍ ከሆነ ያ ሌላ ነገር ነው። ሌላው ሳይመታኝ እኔ ልቅደም ማለት ነው። ከጓደኞቿ ጋር ያለው ሳቅ ዘና ያደርጋታል፣ ይኼኛው ግን ድካም ይጥልባታል። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ፊቷን እይ፣ ልዩነቱ እዚያ ይታያል።

ይቅርታ ስትጠይቃት «ካስቀየምኩሽ» አትበል። ያደረግከውን በስሙ ጥራው፦ «ቀልድሽን አንቺን ዝም ለማሰኘት ተጠቀምኩበት።» ከዚያ የትኞቹን ቀልዶቿን ሰው ፊት ልታነሳ እንደምትችል፣ የትኞቹ በእናንተ መካከል ብቻ እንደሚቀሩ ጠይቃት። ወንድምህን ደግሞ ለብቻው አግኘው። ሰው ፊት ብትነግረው ክርክር ይሆናል። የሰካራሙን ሙከራ አብራችሁ ሞክሩት፣ በክፋት አልተናገረው ይሆናል። ከዚያ «እሷ ባለችበትም ሆነ በሌለችበት ይህን ቀልድ በእኔ ፊት አትንገር» በለው። «እሷስ?» ካለህ፣ የደጉን ሰው ቀልድ እንደገና ንገረውና ማን ላይ እንደሳቀ ጠይቀው። መጀመሪያ ግን እሷን አስፈቅዳት።