«መጠበቅ» በሚል ርዕስ ጥቅስ ስፈልግ የተማርሁት

«ለጸሎት ጉባኤያችን የ15 ደቂቃ ንባብ እንዳዘጋጅ ተጠይቄአለሁ፤ ርዕሱ ‹እግዚአብሔርን መጠበቅ› ነው። በመጽሐፍ ቅዱሴ መጨረሻ ያለው የርዕስ ማውጫ ከአርባ በላይ ጥቅሶች ይሰጠኛል። የትኛውን ልያዝ? በምን ቅደም ተከተልስ ላስቀምጠው? እኅታችሁ ነኝ፤ የምታውቁ ርዱኝ።»

እኅቴ፣ ከአርባው ስድስት ብቻ ትይዣለሽ፤ እንዴት እንደምትደርሺባቸው ግን በራስሽ ርዕስ ላሳይሽ። መጀመሪያ «መጠበቅ» የሚለው ቃል ራሱ ያስቸግርሻል። በእኛ ቋንቋ የሚመጣን ሰው እንጠብቃለን፣ ከብትም እንጠብቃለን፣ ትእዛዝም እንጠብቃለን። ስለዚህ በዚህ ርዕስ ሥር መዝሙር 121ን ብታገኚ አትደነቂ፤ እዚያ የሚጠብቀው እግዚአብሔር ነው፣ አንቺ የምትፈልጊው ደግሞ እርሱን የሚጠብቀውን ሰው ነው። በተቃራኒው ከሁሉ የሚሻሉት ጥቅሶች ቃሉ የሌለባቸው ሊሆኑ ይችላሉ። በ1954 ዓ.ም. ትርጉም መዝሙር 27፥14 «እግዚአብሔርን ተስፋ አድርግ» ይላል፤ መዝሙር 40፥1 «ደጅ ጠናሁት» ይላል፤ ኢሳይያስ 40፥31 «የሚጠባበቁ» ይላል። በዕብራይስጡ ሦስቱም አንድ ግስ ናቸው። ቃል በቃል የሚፈልግ የቃላት ማውጫ ሦስቱን አንድ ላይ አያመጣልሽም፤ የርዕስ ማውጫ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ቢሆንም በአንድ ርዕስ አትወሰኚ፤ «ተስፋ»፣ «ትዕግሥት» እና «ጽናት» የሚሉትንም ገልጠሽ እይ። በሁለትና በሦስት ርዕስ ሥር የሚደጋገመውን ጥቅስ ምልክት አድርጊበት።

ቀጥሎ እያንዳንዱን ጥቅስ ከነአንቀጹ ማንበብ ነው። ይህን የምለው አፍሬ ስለ ተማርሁ ነው። አንድ ጊዜ ለስንብት ጸሎት «ጥበቃ» ከሚል ርዕስ ሥር ዘፍጥረት 31፥49ን አገኘሁ፤ ስንለያይ እግዚአብሔር በእኔና በአንተ መካከል ይሁን የሚለውን። ለሚሄደው ወንድማችን እንደ ምርቃት አነበብሁለት። ጸሎቱ ሲያበቃ አንድ አዛውንት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ከእኛ ላባ የትኛው ነው፣ ያዕቆብስ?» አሉኝ። ቤቴ ገብቼ ምዕራፉን ከላይ ጀምሬ አነበብሁ። ለካ ላባ ያዕቆብን ሰባት ቀን አሳድዶ የደረሰበት ጊዜ ነው፤ ድንጋይ ከምረው «ይህን አልፈህ ልትጎዳኝ አትምጣ፣ እኔም አልመጣም» የሚባባሉበት ውል ነው። እግዚአብሔርን የጠሩት ሳይተማመኑ ስለ ቀሩ ነው። ማውጫው አልዋሸኝም፤ የቤቱን ቁጥር ሰጠኝ እንጂ በቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ አልነገረኝም።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ጥቅስ ትንሽ ወረቀት እቆርጣለሁ። አድራሻውን፣ ማን እንደሚናገር፣ ለማን እንደሚናገርና ንግግሩ ከየት እንደሚጀምር እጽፍበታለሁ። ብዙውን ጊዜ የሚለውጠኝ የመጨረሻው ነው። የቁጥር ክፍፍሉ ከጸሐፊዎቹ የመጣ አይደለም፤ ለአዲስ ኪዳን ዛሬ የምንጠቀምበትን ቁጥር ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1551 ሮበርት ኢስቲየን የተባለ የፈረንሳይ አታሚ ነው። ማውጫው የሚጠቁመው ቁጥር ብዙ ጊዜ የሐሳቡ መደምደሚያ እንጂ መነሻው አይደለም። ኢሳይያስ 40፥31ን ውሰጂ። ብቻውን ሲነበብ ያማረ የግድግዳ ጽሑፍ ነው። ከ27 ብትጀምሪ ግን ያዕቆብ «መንገዴ ከእግዚአብሔር ተሰውራለች» እያለ ሲያማርር ትሰሚያለሽ፤ የንስሩ ክንፍ ለዚያ ምሬት የተሰጠ መልስ ነው። ኤርምያስ 29፥11ም እንዲሁ ነው፤ ሁላችንም በቃላችን የምንለው፣ ከፊቱ ባለው ቁጥር 10 ላይ ግን ሰባ ዓመት የሚል አለ። ተስፋው የተነገረው ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ነው፤ ብዙዎቹም ፍጻሜውን በዕድሜያቸው አያዩትም። እኔ ይህን ጥቅስ ላንቺ ንባብ አልመርጠውም፤ ከመረጥሽው ግን ከ10 ጀምሪ።

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ። ከዘፍጥረት ወደ ራእይ መደርደር ቀላል ነው፤ ነገር ግን ዝርዝር ይሆናል እንጂ ጸሎት አይሆንም። እኔ ወረቀቶቹን ጠረጴዛ ላይ እዘረጋና የሚጠብቅ ሰው ልቡ በሚሄድበት መንገድ አሰልፋቸዋለሁ። የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ ያጉረመርማል። ስለዚህ መዝሙር 13፥1-2ን አስቀድማለሁ፤ በሁለት ቁጥር ውስጥ አራት ጊዜ «እስከ መቼ» ይላል። ቀጥሎ መጠበቅ ያቃተውን ሰው አስገባለሁ፤ 1ኛ ሳሙኤል 13፥8-14። ሳኦል ሰባቱን ቀን ጠብቋል፣ ሕዝቡ እየተበተነበት ነው፣ ጠላት ተሰብስቧል፤ መሥዋዕቱን አቅርቦ እንደ ጨረሰ ሳሙኤል ከተፍ ይላል። ይህ ክፍል በብዙ ማውጫ ውስጥ «መጠበቅ» ከሚለው ሥር ላይገኝ ይችላል፤ «አለመታዘዝ» ወይም «ሳኦል» ከሚለው ታገኚዋለሽ። ያለ እርሱ ግን ንባቡ ሁሉ ጣፋጭ ብቻ ይሆናል፤ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚከብድ የሚያሳየው የሳኦል ምክንያት አሳማኝ መሆኑ ነው።

ከዚያ ሰቆቃወ ኤርምያስ 3፥19-26። ማውጫው 25ንና 26ን ብቻ ይሰጥሻል፤ መከራውን የሚያስታውሰው 19 ካልተነበበ ግን የ26 ዝምታ ከየት እንደ መጣ አይታወቅም። ቀጥሎ ኢሳይያስ 40፥27-31፤ ከዚያም ሉቃስ 2፥25-32፣ ስምዖን ሕፃኑን ታቅፎ የሚናገርበት። እዚህ 32 ላይ ስታቆሚ የምትቆርጪውን እወቂ፤ ከ34 ጀምሮ ለማርያም የሚነግራት ስለ ሰይፍ ነው። እኔ ለንባቡ ስል እቆርጠዋለሁ፤ ሁልጊዜም ቅር ይለኛል። መዝጊያው መዝሙር 27፥13-14 ይሁን፤ ሁለተኛው ቁጥር ትእዛዝ ስለሆነ ሁሉም ባንድ ድምፅ ቢሉት ያምራል።

በክፍሎቹ መካከል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገሪ፤ ማን እንደሚናገርና የት እንዳለ። «ኢየሩሳሌም ፈርሳለች፤ ከፍርስራሹ መካከል አንድ ሰው ይናገራል» በቂ ነው። ትርጉሙን ማብራራት ከጀመርሽ ስብከት ሆኖ ያርፋል፤ ሰዓቱም ያልቅብሻል። ስድስቱን ክፍሎች ቀደም ብለሽ ሰዓት ይዘሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢያቸው፤ በዓይን ማንበብ ያታልላል። ከአሥር ደቂቃ ካለፈ ከሳኦል ላይ ሳይሆን ከኢሳይያስ ላይ ሁለት ቁጥር ቀንሺ፤ 27ን፣ 28ንና 31ን አትንኪ። ቀሪው ደቂቃ ለዝምታ ነው፤ በተለይ ከሰቆቃው በኋላ።

አንድ የማተም ጉዳይ አለ። የግእዙን መዝሙረ ዳዊት የሚከተሉ መጻሕፍት 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር አንድ አድርገው ስለሚቆጥሩ ከዚያ በኋላ አብዛኛውን መንገድ በአንድ ያንሳሉ። ባንድ ድምፅ እንዲያነቡ ስትጋብዢ ግማሹ ሰው ሌላ መዝሙር ገልጦ እንዳይጠብቅሽ በወረቀቱ ላይ ሁለቱንም ቁጥር ጻፊ፤ መዝሙር 13 (12)፣ መዝሙር 27 (26)። አንዳንድ እትም የመዝሙሩን ርዕስ እንደ ቁጥር 1 ስለሚቆጥረው ደግሞ የሚጀምሩበትን ሁለት ሦስት ቃል ከጎኑ ጨምሪ።