ስድቡን እንዳለ ልጻፈው ወይስ ሰረዝ ላድርግበት?

ልጆች፣ ባለፈው ፈረንጅ አራዳ ቡና ስንጠጣ አንዷ የጠየቀችኝ ነገር አለ፣ ፖለቲከኛ ጸያፍ ነገር ሲናገር ቃሉን እንዳለ እንጻፈው፣ በሰረዝ እንሸፍነው ወይስ በራሳችን አባባል እንለፈው አለችኝ። ያኔ ቀልጄ አለፍኩ፤ እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ የተሳሳትኩበት ነገር ስለሆነ ነው።

እዚሁ ጂማ ሪፖርተር እያለሁ ነው። ስለ ውሃ መቆራረጥ የነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ፣ አዳራሹ ጢም ብሏል፣ አንድ ሽማግሌ ለሦስተኛ ጊዜ ተነስተው ሲጠይቁ መድረክ ላይ የነበረው ሃላፊ ማይኩ የተዘጋ መስሎት ጎኑ ላለው ሰውዬ «ይሄ የውሻ ልጅ አይቀመጥም እንዴ» አለው። ማይኩ ክፍት ነው። እኔ ጨዋ ልሁን ብዬ «ሃላፊው ነዋሪን የሚያንቋሽሽ ነውረኛ ቃል ተናገሩ» ብዬ ጻፍኩ፣ ኤዲተሬም አመሰገነኝ። ማታ ላይ ቡና ቤቱ ሁሉ ሰውየው ብሄር ሰደበ እያለ ነው! አንድ ሽማግሌን የሰደበውን ሰው እኔ ሕዝብ ሰዳቢ አደረግኩት፣ ለዛውም ቃሉን ስለሸፈንኩ። ሌላ ባልደረባዬ ደግሞ «የው-- ልጅ» ብሎ አወጣው፣ ግማሹ አንባቢ ውሻ ብሎ አነበበው፣ ግማሹ ውሽማ። እንግዲህ የውሽማ ልጅ ማለት የሽማግሌውን እናት መጨመር ነው፣ እሳቸው ከመጀመሪያው ስድብ ይልቅ በዚህኛው ነበር የተንገበገቡት።

ሰረዝ የመጣው ከፈረንጆቹ ነው፣ እነሱ ጋ ስድቦቹ ጥቂትና የታወቁ ስለሆኑ የመጀመሪያዋን ፊደል ያየ ሰው ቃሉን ያውቀዋል። የኛ ፊደል አናባቢውን ተሸክሞ ስለሚመጣ ቃሉ ሁለት ሦስት ፊደል ነው፣ አንዱን ትተህ ሌላውን ስትደብቅ ወይ ምንም አልደበቅክም ወይ አንባቢው የባሰውን ይሞላበታል። ሬዲዮ ላይማ ሰረዝ የሚባል ነገር የለም፣ ቢፕ ታደርጋለህ፣ የምሳ ሰዓት ዜና ከሆነ ደግሞ ልጆች ከትምህርት ቤት ገብተው ቢፑ ምንድነው ብለው ይጠይቃሉ።

ትልቁን ምሳሌ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጥር 3 ቀን 2010 ትራምፕ ስለ ስደተኞች በተደረገ ስብሰባ ላይ ስለ ሄይቲና ስለ አፍሪካ አገሮች ሲያወራ «ሺትሆል» አለ ተባለ። አሜሪካኖቹ ራሳቸው አንድ ዓይነት ነገር አላደረጉም፣ ዋሽንግተን ፖስት ቃሉን ርዕሱ ላይ ሳይቀር አወጣው፣ ኒውዮርክ ታይምስ ከርዕሱ አስቀርቶ ውስጡ ላይ ጻፈው። እኔ የኒውዮርክ ታይምሱ ይሻለኛል፣ ርዕስ ያልፈለገውም ሰው ዓይን ውስጥ ይገባል፣ ውስጡን ግን የፈለገ ነው የሚያነበው። ቃሉን ጭራሽ መተው ግን አይቻልም ነበር፣ የአፍሪካ ኅብረት የተቆጣው በቃሉ ነዋ፣ ቃሉን ካወጣህ ዜናው ምን ሊቀረው ነው? አሶሼትድ ፕሬስም ሕጉ ላይ ጸያፍ ቃል የሚገባው ቀጥታ ንግግር ውስጥ ከሆነና አስገዳጅ ምክንያት ካለው ነው ይላል፣ በለዘበ ቃል መቀየርን ደግሞ አይፈቅድም።

ለኛ ግን ትርጉሙ ነው ጣጣው። የታይዋን ዜና አገልግሎት «ወፍ እንቁላል የማትጥልባቸው አገሮች» ብሎ ተረጎመው፣ ያምራል ግን ስድቡ የለም፣ ድርቅ ያለበት አገር ነው የሚመስለው። በአማርኛ «ቆሻሻ አገሮች» ካልክ አጥበህለታል፣ «የሰገራ ጉድጓድ» ካልክ ደግሞ ትርጉሙ ልክ ነው ግን የጤና ኤክስቴንሽን ትምህርት ይመስላል። እኔ ብሆን የእንግሊዝኛውን ቃል በኛ ፊደል አስቀምጬ «ቃል በቃል የሰገራ ጉድጓድ ማለት ሲሆን እጅግ የተናቀ ቦታን ለመስደብ የሚውል የብልግና ቃል ነው» ብዬ አንድ ጊዜ እጽፋለሁ፣ ሁለተኛ አልደግመውም፣ ከዛ በኋላ «ንግግሩ» ይበቃል።

ደግሞ ከቃሉ በፊት ማን ሰማ የሚለውን ጨርሱ። የዛን ቀን የተለቀቀ ቅጂ አልነበረም፣ ዜናው የወጣው ስብሰባውን ከሚያውቁ ሰዎች ነው፣ በማግስቱ ትራምፕ የተጠቀምኩት ቃል ይሄ አይደለም አለ፣ እዛው የነበረው ሴናተር ዲክ ደርቢን ደግሞ ብሏል አለ። ስለዚህ «ትራምፕ አለ» ብቻ ሳይሆን ብሏል ያለው ማን እንደሆነ፣ ማን እንደካደ እዛው አረፍተ ነገር አጠገብ መግባት አለበት። ሁለት ሰው ቃሉን ለየብቻ ካልነገረህና ቅጂም ከሌለህ በጥቅስ ምልክት ውስጥ አታስገባው፣ ያኔ ብቻ ነው በራስህ አባባል መጻፍ የሚሻለው፣ እሱም «ነውረኛ ቃል» ብለህ ሳይሆን ማንን እንደሰደበ ለይተህ፣ «አንድ ጠያቂ ሽማግሌን ከእንስሳ ጋር አያይዞ ሰደበ» ብለህ።

የኔን ዜና እንደዛ ብጽፈው ኖሮ በማግስቱ ጠዋት ሽማግሌው ቢሮዬ ድረስ መጥተው «ልጄ፣ ምን እንዳለኝ ለሰው ንገርልኝ» ባላሉኝ ነበር።